ፎቶውን ልከው ሲያጠፉት ምን ይቀራል?

ወላጆች፣ በልጅዎ የዳይፐር ቦታ ላይ የወጣውን ሽፍታ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ለሐኪም ልከው፣ አፍረው ወዲያው ለሁለታችሁም ቢያጠፉት ከቻቱ ላይ ይጠፋል። የሐኪሙ ስልክ ግን ፎቶዎችን በራሱ ጋለሪ ውስጥ የሚያስቀምጥ ከሆነ ያ ቅጂ ይቀራል። የእርስዎም ጋለሪ ውስጥ ያለው አይነካም፤ አይፎን ከሆነ ሰርዘውት እንኳ «Recently Deleted» ውስጥ እስከ 30 ቀን ይቆያል።

የሚጠፋው ለሕክምናው የሚያስፈልገው ነው። ከሦስት ቀን በኋላ «ሽፍታው ሰፍቷል ወይስ ቀንሷል?» ሲባል ሐኪሙ የሚያነጻጽርበት የመጀመሪያው ፎቶ ከነቀኑ ከቻቱ ላይ የለም።

ስለዚህ የእኔ ምክር መቸኮል አያስፈልግም ነው። የልጁ ፊት ሳይታይ ሽፍታውን ብቻ ያንሱ፤ ልጁ እስኪድን ፎቶውን ያቆዩት። ከዳነ በኋላ ከቻቱም ከጋለሪዎም ያጥፉት፤ ሐኪሙንም «ስልክዎ ላይ ተቀምጦ ከሆነ ያጥፉልኝ» ይበሉት። ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።