«ለ» የኃላፊ ጊዜ ምልክት አይደለም

ከእንግሊዝኛ ወደ ቻይንኛ መተርጎም የሚጀምር ሰው ብዙ ጊዜ አንድ አቋራጭ ሕግ ይሰጠዋል፤ ድርጊቱ ካለፈ «ለ»ን ጨምር፣ አሁን እየሆነ ካለ «ዛይ»ን፣ ወደፊት ከሆነ ደግሞ «ሁዌይ»ን። የቻይንኛ ግስ በጊዜ ስለማይለዋወጥ ሕጉ ጎዶሎውን የሞላ ይመስላል። እኔ ግን ይህ ሕግ መጣል አለበት እላለሁ። በእሱ የተሠራ ትርጉም ሻካራ በመሆን ብቻ አያበቃም፤ አንዳንዴ የዋናውን ሐሳብ ይገለብጠዋል።

ለጫሞ ሐይቅ ጎብኚ የሚሆን አጭር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይዘን እንፈትነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «ጋንጁሌዎች ቀድሞ በጫሞ ደሴት ላይ ይኖሩ ነበር» የሚል ነው እንበል። እንግሊዝኛው ግሱን በኃላፊ ጊዜ ስላስቀመጠ ሕጉን የተማረው ሰው መጨረሻ ላይ «ለ»ን ይለጥፋል። ነገር ግን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጣው «ለ» አዲስ ሁኔታ መፈጠሩን ያበስራል። «ደሴቱ ላይ ይኖራሉ» ብሎ «ለ»ን ያስከተለ ተርጓሚ፣ ቻይናዊው አንባቢ «አሁን ደሴቱ ላይ መኖር ጀምረዋል» ብሎ እንዲረዳ ያደርገዋል። ቀርቶ የነበረው ኑሮ አዲስ ተጀመረ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከዚህ ይቀላል፤ «ቀድሞ» የሚለውን ቃል ከፊት ማስቀመጥና ግሱን ባዶውን መተው። ጊዜውን የሚሸከመው ያ ቃል ነው፣ ግሱም ምንም አይቀርበትም።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ስለ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቋመ ይላል። እዚህ የሚለየው አንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀው ነገር ነው። ፓርክ መቋቋሙ ራሱ ዜና ከሆነ «ለ» ትክክል ነው። ጎብኚው ግን ፓርኩ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያነበው፤ መኖሩን ያውቃል፣ ያልያዘው ዓመቱን ነው። ለዚህ ቻይንኛ «ሺ» እና «ደ» የተባሉ ሁለት ቃላት አሉት፤ የመጀመሪያው ከዓመቱ በፊት፣ ሁለተኛው ከግሱ በኋላ ይገባሉ፤ ትኩረቱም ዓመቱ ላይ ያርፋል። በእንግሊዝኛ ሁለቱም አንድ ዓይነት ኃላፊ ጊዜ ናቸው። የግሱን ቅርጽ ብቻ የሚያይ ተርጓሚ ልዩነቱን ሊያየው አይችልም።

ሕጉን ጨርሶ የሚያፈርሰው ሦስተኛው ነው፤ «ነገ ጀልባዋ ስትደርስ እንሳፈራለን»። ነገሩ ገና አልሆነም፤ ሆኖም ቻይንኛ «ትደርሳለች» ከሚለው ግስ በኋላ ያለ ምንም ችግር «ለ»ን ያስገባል። ምክንያቱም «ለ» የሚናገረው መድረሱ ከመሳፈሩ በፊት ማለቁን ነው። አማርኛ ተናጋሪ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። «ትናንት ምሳውን በልቶ ሄደ» እንላለን፤ «ነገ ምሳውን በልቶ ይሄዳል»ም እንላለን። «በልቶ» በሁለቱም ያው ነው። መብላቱ ማለቁን ይነግረናል፤ መቼ የሚለውን ከ«ትናንት»፣ ከ«ነገ» እና ከማሰሪያው ግስ እናገኛለን። ከእንግሊዝኛው የጊዜ ሠንጠረዥ ይልቅ ይህ የቦዝ አንቀጽ ስሜት ለቻይንኛው «ለ» ይቀርባል። ልዩነቱ ቻይንኛ በማሰሪያው ግስ ላይም ጊዜ አለማመልከቱ ነው፤ ስለዚህ «ነገ»ን የዘለለ ተርጓሚ አንባቢውን ያለ ጊዜ ይተወዋል።

የ«ሁዌይ»ም ነገር ከዚህ አይለይም። ቃሉ ችሎታን፣ ግምትን ወይም ማረጋገጫን ይናገራል። «ጀልባዋ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ትነሳለች» ለሚል የጉዞ ፕሮግራም ሰዓቱና ግሱ ይበቃሉ። «ሁዌይ» ሲጨመርበት የተቆረጠው ሰዓት ወደ ግምት ወይም ወደ ቃል መግባት ያዘነብላል።

ጀማሪ የሚይዘው ነገር ያስፈልገዋል የሚለውን መከራከሪያ እቀበላለሁ። ሆኖም የሚይዘው ነገር ከተሳሳተ በኋላ ላይ ማስለቀቁ ከማስተማሩ ይብሳል። አሉታን ብቻ ብናይ ይበቃል፤ «ጀልባዋ ትናንት አልመጣችም» ሲባል «ሜይ» የሚለው አፍራሽ ቃል ከገባ ከግሱ በኋላ የነበረው «ለ» ይወጣል። ትናንትነቱ ግን አልጠፋም። የጊዜ ምልክት ቢሆን ኖሮ እንዴት ይወጣ ነበር?

በአቋራጩ ሕግ ፈንታ ተርጓሚው ግሱን ከመንካቱ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛ፣ አንባቢው ጊዜውን ከየት ያውቃል? በእንግሊዝኛው ግስ ውስጥ ብቻ ተደብቆ ከሆነ በጊዜ ቃል አውጥቶ ከፊት ያስቀምጠው። ሁለተኛ፣ ድርጊቱ ያለቀ ነው፣ የቀጠለ ልማድ ነው፣ ወይስ አንዴ የገጠመ ልምድ? «የጫሞን አዞ አይተህ ታውቃለህ?» ለሚለው የሚያስፈልገው «ጉዎ» እንጂ «ለ» አይደለም። አራሚም «ኃላፊ ጊዜ ነው፣ ለ ጎድሏል» ብሎ በቀይ ከማስመሩ በፊት እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ይመልስ። መልስ ከሌለው ተርጓሚውን ትቶ የራሱን እርማት ይሰርዝ።