ስለ ቤት ዕቃ መዝገብና ስለ እሳት መድን

በኮልፌ ቀራንዮ የሚኖር አንድ ቤተሰብ የቤት ዕቃውን በ300 ሺህ ብር ለእሳት መድን አስገብቷል እንበል። መጠኑንም የወሰኑት ዕቃው ከዓመታት በፊት በተገዛበት ዋጋ ነው። አንድ ቀን ከኤሌክትሪክ ምጣዱ ገመድ የተነሣ እሳት ወጥ ቤቱን አቃጥሎ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ቢያደርስ፥ አባወራው 100 ሺውን በሙሉ እንደሚቀበል ያስባል። ገማቹ ግን በቤቱ ያለው ዕቃ ሁሉ በዚያ ቀን ምን ያህል ያወጣ እንደ ነበር ይጠይቃል። 600 ሺህ ያወጣ ከነበረ፥ ቤተሰቡ ያስመዘገበው ግማሹን ብቻ ስለሆነ፥ ውሉ ሌላ ካላለ በቀር የሚከፈለው የጉዳቱ ግማሽ፥ ማለትም 50 ሺህ ብር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም የጸና ሲሆን፥ በጎደለው መጠን ባለንብረቱን ራሱን እንደ መድን ሰጪ ይቆጥረዋል።

ስለዚህ የቤት እመቤቲቱ በምትይዘው መዝገብ ውስጥ የተገዛበት ዋጋ ብቻውን አይበቃም፤ በአጠገቡ ዕቃው ዛሬ ባለበት ሁኔታ የሚያወጣው ዋጋ ይጻፍ። ለምሳሌ፦ ማቀዝቀዣ፥ በ2010 ዓ.ም. በ14 ሺህ ብር የተገዛ፥ ዛሬ አገልግሎ ሳለ 25 ሺህ ብር የሚያወጣ፥ ደረሰኝ ያለው። ቀጥሎም የፎቶግራፉ ማስፈንጠሪያ ይጻፋል።

ችግሩ ያለ ደረሰኝ በተገዛው ዕቃ ላይ ነው፤ ከመርካቶ ስንገዛ ደረሰኝ የጠየቅነው ስንቶቻችን ነን? ቁም ሣጥኑን የሠራው አናጢ ዛሬም በሥራው ላይ ካለ፥ የሠራበትን ጊዜና የተቀበለውን ገንዘብ ጽፎ ይፈርም። በባንክ የተከፈለ እንደሆነ የሒሳቡ መግለጫ ይረዳል። ከአያት የተወረሰ የብራና መጽሐፍ፥ ወርቅና ጥሬ ገንዘብ ግን፥ በውሉ ላይ ተለይተው ካልተጠቀሱ ብዙውን ጊዜ ከመድኑ ውጭ ናቸው፤ ይህን ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ፎቶግራፉን በተመለከተ፥ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ሙሉውን የሚያሳይ፥ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ከጀርባው ያለውን የተከታታይ ቁጥር የሚያሳይ ሌላ ይነሣ። ደረሰኙም አብሮ ይነሣ፤ ቀለሙ በጥቂት ዓመታት የሚጠፋ ደረሰኝ ብዙ ነውና። ሥዕሎቹ በስልኩ ውስጥ ብቻ ከቀሩ ከስልኩ ጋር ይቃጠላሉ፤ በኢንተርኔት ማኅደር ተቀምጠው ማስፈንጠሪያቸው በመዝገቡ ይጻፍ። ከዚያም በሌላ ሰው ስልክ ይሞከር፤ ፈቃድ ካልተሰጠው ለገማቹ አይከፈትለትምና። የመዝገቡ ግልባጭ ከዘመድ ዘንድ፥ ለምሳሌ ጦር ኃይሎች አካባቢ ካለችው እኅት ቤት፥ ይቀመጥ። ውሉ በሚታደስበት ወር የዛሬው ዋጋ ዓምድ እንደገና ተደምሮ፥ ድምሩ በውሉ ላይ ካለው ገንዘብ ከበለጠ ልዩነቱ ለኩባንያው በጽሑፍ ይገለጥ።