ካሽ አውት ስንት ያስከፍላል?

«ቲቸር፣ እኔ እኮ እንደሌሎቹ አይደለሁም፤ ሰዓቱን ጠብቄ ካሽ አውት ነው የማደርገው» የሚለኝ የቀድሞ ተማሪ በዝቷል። ካሽ አውት የብልጦች መውጫ በር ተደርጎ ነው የሚወራው። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ቆሟል ባይ ነኝ። ስትገቡ ከፍላችኋል፣ ስትወጡም ትከፍላላችሁ። ስንት? እስቲ እናስላው፣ ክፍል ውስጥ ከተማርነው ፕሮባቢሊቲ አያልፍም።

እንበል አንድ ልጅ በ100 ብር አምስት ጨዋታ ያለው ትኬት ቆረጠ። ሁሉም ከገቡለት 1200 ብር ይበላል። አራቱ ገብተዋል። አምስተኛው ላይ ባለሜዳው ያሸንፋል ብሎ ነበር፤ አሁን 70ኛው ደቂቃ ነው፣ ባለሜዳው 1 ለ 0 እየመራ ነው። ስልኩ ላይ «870 ብር አሁን ውሰድ» የሚል ቁልፍ መጣ። ልብ ድው ድው ይላል።

በዚያው ደቂቃ ግን ላይቭ ገጹ ላይ ማንም ልብ የማይለው ሌላ ቁጥር አለ። ባለሜዳው 1.20፣ አቻ 6.00፣ እንግዳው 15.00። ኦድ የዕድል ግልባጭ ስለሆነ 1ን ለእያንዳንዱ ኦድ አካፍሉት። 83.3፣ 16.7 እና 6.7 በመቶ ይመጣል። ደምሩት፣ 106.7 ሆነ! ከሦስቱ አንዱ የግድ ስለሚሆን ድምሩ 100 መሆን ነበረበት። ትርፏ 6.7 የቤቱ ድርሻ ነች። እሷን ለማውጣት 83.3ን ለ106.7 ስናካፍል የባለሜዳው ዕድል ወደ 78 በመቶ ይወርዳል። (ቤቶቹ ድርሻቸውን ብዙ ጊዜ ጠባብ ዕድል ባለው ቡድን ላይ አብዝተው ስለሚጭኑ፣ ትክክለኛው ዕድል ከ78 ትንሽ ከፍ ሊልም ይችላል። ያ ከሆነ ደግሞ የልጁ ጉዳት ይብሳል።)

እንግዲህ 1200 ብር በ78 በመቶ ሲባዛ 936 ነው። የትኬቱ ትክክለኛ ዋጋ ይሄ ነው። የቀረበለት 870። የ66 ብር ልዩነት፣ ማለትም 7 በመቶ ገደማ። ለአንድ ቀን ትንሽ ትመስላለች። ግን እንደዚህ ያለ ትኬት 100 ጊዜ ቢገጥመው፣ እስከ መጨረሻ ቢይዛቸው 78 ያህሉ ገብተው በድምሩ 93,600 ብር ያመጣሉ፤ ሁሉንም ካሽ አውት ቢያደርግ 87,000።

ለምን ዝቅ ይላል? ቁልፉን ስትጫኑ ትኬታችሁን እየሸጣችሁ ስለሆነ ነው፣ ገዢውም አንድ ብቻ ነው። መርካቶ ዕቃ ይዞ የሄደ ሰው እንኳ ዋጋው ካልተስማማው ቀጣዩን ሱቅ ይጠይቃል። እዚህ ዋጋውን የሚያወጣውም የሚገዛውም ያው ቤት ነው። ባንክ ዶላር የሚገዛበትና የሚሸጥበት ዋጋ እንደሚለያየው ማለት ነው። ልጁ 870ውን ተቀብሎ በዚያችው ደቂቃ ያንኑ ቡድን በ1.20 ቢይዝ ቢያሸንፍ የሚያገኘው 1044 ብር ነው። ትኬቱን ይዞ ቢቆይ ኖሮ 1200። ያው ቡድን፣ ያው ደቂቃ፣ 156 ብር የት ገባ?

ቁልፉ ላይ ያለው መብት የእናንተ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ፔናልቲ ሲሰጥ፣ ቫር ሲታይ፣ ጎል ሲገባ ወዲያው ይዘጋል። ስትጫኑም የተወሰኑ ሰከንዶች «በሂደት ላይ» እያለ ያቆያችኋል፤ በመሃል ጎል ከተቆጠረባችሁ ጥያቄው ውድቅ ነው። ቤቱ መረጃ የሚያገኘው ስታዲየም ውስጥ ከተቀመጠ ሰው ነው፣ እናንተ የምታዩት ቲቪ ደግሞ ሰከንዶች ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ «ጎሉ ሲመጣ ቀድሜ እወጣለሁ» የሚባለው ነገር አይሰራም።

አንድ ነገር ልመን። 870 ብር ለቤት ኪራይ የሚያስፈልገው ሰው 66 ብር ከፍሎ ጭንቀቱን ቢገላገል ሞኝ አልለውም፤ መድን የገዛ ሰው ነው። ግን ብሩ ኪስ ከገባ ብቻ! እኔ የማውቃቸው ልጆች ካሽ አውት ያደረጉት ብር ምሽቱን ሳያልፍ ሌላ ትኬት ይሆናል። ባይወጣ ኖሮ አንድ ጊዜ ይከፈል የነበረው የቤቱ ድርሻ በአንድ ምሽት ሦስቴ አራቴ ይቆረጣል። ቁልፉ አረንጓዴ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ለእናንተ ታዝኖ አይደለም።

ስክሪንሾት የምትልኩልኝ ልጆች፣ «ካሽ አውት ባደርግ ኖሮ» የምትሉባቸውን ብቻ አትላኩ። ካሽ አውት ካደረጋችሁ በኋላ የገቡትንም አንድ ወር ሙሉ መዝግቡና አምጡ፣ አብረን እንደምራለን።