ዝምታ ፊርማ አይደለም

«ዝም ያለ ተስማምቷል» የሚለው አባባል በዕድር ስብሰባም በሽምግልና ሸንጎም ሲነገር የኖረ ነው። የኢትዮጵያ ሕግ ግን ይህን አባባል ለውል ጉዳይ አልተቀበለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ላይ ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቆጠር ደንግጓል። አንድ ነጋዴ ለጎረቤቱ «እስከ ነገ እምቢ ካላልከኝ በሬውን እንደገዛኸኝ እቆጥረዋለሁ» ቢለውና ጎረቤቱ ምንም ሳይመልስ ቢያድር፣ በሬው አልተሸጠም። ይህን ለመረዳት የሕግ ትምህርት አያስፈልግም፤ ማንም ገበያ የወጣ ሰው ያውቀዋል።

ይሁንና ይህ ድንጋጌ በሥራ ላይ እያለ፣ በየማለዳው ከብዙ የእጅ ስልኮች ሂሳብ ላይ «ዝም ብለሃል» በሚል ምክንያት ብቻ ገንዘብ ይቆረጣል። በአጭር ቁጥር የሚላኩት የጤና ምክር፣ የስፖርት ዜና፣ የምሳሌያዊ አነጋገርና የዕጣ መልእክቶች የሚኖሩት በዚህ ዝምታ ላይ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ በአንዲት ሴት ጉዳይ ማየት ይቻላል። በመርካቶ በርበሬ የምትሸጥ አንዲት እናት አለች እንበል። አንድ ቀን ስልኳ ላይ ከአጭር ቁጥር መልእክት ይገባል፤ የጤና ምክር ለሦስት ቀን በነጻ እንደሚሰጥና ለመቀበል OK ብሎ መመለስ እንደሚበቃ ይናገራል። ሴትዮዋ ነጻ የሚለውን አይታ ትመልሳለች። በመልእክቱ ጅራት ላይ፣ በእንግሊዝኛ፣ ከሦስት ቀን በኋላ በቀን 2 ብር እንደሚቆረጥና ለማቆም STOP ብሎ መላክ እንደሚያስፈልግ ተጽፏል። እንግሊዝኛ አታነብም። በአራተኛው ቀን 2 ብር ተቆረጠ፤ በአምስተኛውም እንዲሁ። በወር 60 ብር፣ በዓመት 730 ብር ይሆናል። ሴትዮዋ የምታውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሞላችው የ50 ብር ካርድ እንደ ድሮው አይበረክትም።

ከወራት በኋላ የእህቷ ልጅ ስልኩን አገላብጦ ምስጢሩን ሲያገኘው፣ «አክስቴ፣ እርስዎ እኮ እሺ ብለው ልከዋል» ይላታል። የእሷም መልስ አጭር ነው፤ «እኔ እሺ ያልኩት ለነጻው ነው።»

ከአንድ የሕግ ባለሙያ ረጅም ሐተታ ይልቅ ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የክርክሩን እምብርት ይዛለች። ለነጻው የተሰጠ እሺታ ለሚከፈልበት አይተላለፍም።

ድርጅቶቹ በዚህ ላይ የሚያቀርቡት መከራከሪያ አለ፤ ንቆ ማለፍም አይገባም። «ዝምታዋን እንደ ውል አልቆጠርንም» ይላሉ፤ «ውሉ የታሰረው በመጀመሪያው ቀን እሺ ስትል ነው። በራሱ መታደሱ የዚያው ውል አንዱ አንቀጽ እንጂ አዲስ ስምምነት አይደለም።» መከራከሪያው ብልህነት አለው፤ ቁጥር 1682ን በጎን ያልፈዋል። ነገር ግን አራት ቁጥሮች ወረድ ሲባል ሌላ በር ይዘጋበታል። ቁጥር 1686 አንድ ወገን ለደንበኛው ሁሉ አስቀድሞ ያዘጋጀው የንግድ ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው፣ ያ ሰው ደንቡን አውቆ የተቀበለው እንደ ሆነ፣ ወይም ደንቡን የመንግሥት ባለሥልጣን ያወጣው ወይም ያጸደቀው እንደ ሆነ ብቻ ነው ይላል። አውቆ መቀበል ሁለት ነገር ነው፤ ማወቅም መቀበልም። በማታነበው ቋንቋ፣ በመልእክት ጅራት ላይ የተሰፋን ደንብ የበርበሬ ነጋዴዋ አውቃለች የሚል ዳኛ ይገኛል ቢባል፣ ያ ዳኛ መርካቶን አያውቅም።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው አደጋ አለ። የቁጥሩ ሁለተኛ ክፍል ባለሥልጣን ያጸደቀው ደንብ ደንበኛው ባያውቀውም እንደሚያስገድደው ይናገራል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአንድን አገልግሎት ደንብ መርምሮ ማኅተም ባሳረፈ ጊዜ፣ ያች ሴት በፍርድ ቤት «አላወቅሁም» የማለት ጋሻዋ ይነጠቃል። ማኅተሙ የጽሕፈት ቤት ሥርዓት ብቻ አይደለም፤ በሚሊዮን ደንበኞች ስም የሚሰጥ እሺታ ነው። ሳያነብ የሚያጸድቅ ሹም ሳታነብ እሺ ካለችው ሴት የባሰ ጥፋት ይሠራል፤ እሷ የፈረመችው በራሷ 2 ብር ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ነገር በስልክ ላይ የበረታው ለምንድን ነው? የአዲስ አበባን የስፖርት ማዘውተሪያ ቤቶች ማየት መልሱን ይሰጣል። አብዛኛው ደንበኛ የወሩን ክፍያ አስቀድሞ በእጁ ይከፍላል፤ ወሩ ሲያልቅ ካልመጣ አባልነቱ በራሱ ይቀራል። ባለቤቱ በየወሩ የደንበኛውን ፈቃድ እንደገና መጠየቅ ግድ ይለዋል። በአውሮፓ ያሉት ቤቶች ግን ደንበኛው ከባንክ ሂሳቡ በቀጥታ እንዲወሰድ ፈቃድ ስለሚሰጣቸው፣ ስፖርቱን የተወው ሰው ለወራት ሲከፍል ይኖራል። ልዩነቱ የባለቤቶቹ ጠባይ ጉዳይ አይደለም። ልዩነቱ የነጋዴው እጅ አስቀድሞ በደንበኛው ኪስ ውስጥ መግባቱና አለመግባቱ ነው። በስልክ ላይ ደግሞ ገንዘቡ ካርድ ሲሞላ አስቀድሞ ከኩባንያው ዘንድ ይቀመጣል፤ መልእክት አቅራቢው ያንን ሂሳብ በኩባንያው በኩል ይነካል፤ ገቢውንም ሁለቱ ይከፋፈላሉ። ጠባቂውና ቆራጩ በአንድ ማዕድ ይበላሉ ማለት ነው።

ከዚሁ ስልክ ላይ ንጽጽሩ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቴሌብርም ሆነ በኬንያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ኤምፔሳ፣ ባለቤቱ ገንዘብ ሲልክ የምስጢር ቁጥሩን እንዲያስገባ ይጠይቁታል። አምስት ብር ለመላክም ቁጥሩ ይጠየቃል። የካርድ ሂሳብ ግን ያው የሰው ላብ ሆኖ ሳለ ማንም የምስጢር ቁጥር ሳይጠይቅ ይቆርጠዋል። በአንድ ስልክ ውስጥ ሁለት ኪስ አለ፤ አንዱ ቁልፍ አለው፣ ሌላው ቀዳዳ ነው። ነገ ይኸው «በራሱ የሚታደስ» ልማድ ወደ ባለቁልፉ ኪስ እንዲሻገር ከተፈቀደ፣ የሚፈሰው የካርድ ሳንቲም ብቻ አይሆንም።

«ሁለት ብር ምን አላት? ያልፈለገ ደግሞ ማቆም ይችላል» የሚሉም አይጠፉም። የገንዘቡ ማነስ ግን የድርጊቱ ጋሻ እንጂ ይቅርታው አይደለም። ለ60 ብር አቤቱታ የሚሄድ ሰው ለታክሲ የሚያወጣው፣ ሱቁንም ዘግቶ የሚያጣው ከዚያ ይበልጣል። ስለዚህ ማንም አይከስም፤ ማንም ስለማይከስ ፍርድ አይሰጥም፤ ፍርድ ስለሌለ ልማዱ ይጸናል። በደሉ ትንሽ የሚመስለው በአንዲት ሴት መሶብ ሲለካ ነው፤ በቆራጩ መዝገብ ላይ ሲደመር ትንሽ አይደለም።

ማቆም ይቻላል የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ለማቆም በመጀመሪያ መቆረጡን ማወቅ ያስፈልጋል። እርግጥ ነው፣ ካርድ ቶሎ ያለቀበት ሁሉ በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ጥቅል ሳይገዙ ኢንተርኔት መክፈትም ሂሳብ ይበላል። ሁለቱ ግን ይለያያሉ። ኢንተርኔት የሚበላው በተጠቀሙበት ልክ ስለሆነ መጠኑ ከቀን ቀን ይለዋወጣል። ምዝገባው ግን ስልኩ ቢነካም ባይነካም ያንኑ ያህል ይቆርጣል። ማታ ኢንተርኔቱን ዘግቶ ሂሳቡን የመዘገበ ሰው፣ በማግሥቱ ሳይደውል መልሶ ቢያየውና ክብ ቁጥር ጎድሎ ቢያገኝ፣ ደግሞም በሦስተኛው ቀን ያው ቢደገም፣ ሌባውን አገኘ ማለት ነው። ያን ጊዜም STOP የሚለው ቃል ምዝገባው ወደመጣበት አጭር ቁጥር እንጂ ወደ ሌላ ሲላክ አይሠራም፤ ሁለት አገልግሎት ያለበት ሰውም አንዱን በማቆሙ ሌላው አይቆምለትም። ለመግባት አንዲት ጠቅታ፣ ለመውጣት ይህን ሁሉ ምርመራ!

በራሱ የሚታደስ ውል ሁሉ ግን ክፉ ነው ማለት አይደለም። በየቀኑ የሚጠቀምበት የኢንተርኔት ጥቅል እኩለ ሌሊት ላይ እንዳይቋረጥበት የሚፈልግ ሰው አለ፤ መብቱም ነው። ያ ሰው ግን ፈልጎ መርጦታል፤ የሚያገኘውንም በየዕለቱ ያየዋል። ጥያቄው ላልመረጠውና ለማያየው ሰው ሥርዓቱ ምን ይበል የሚለው ነው።

ሌሎች አገሮች ለዚህ መልስ አበጅተዋል። የደቡብ አፍሪካ የ2008 እ.ኤ.አ. የሸማቾች ጥበቃ ሕግ በአንቀጽ 14 ላይ፣ የጊዜ ገደብ ያለው ውል ከማለቁ ከ40 እስከ 80 የሥራ ቀን አስቀድሞ ነጋዴው ለደንበኛው በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ደንበኛው ዝም ቢል እንኳ ውሉ ከወር ወደ ወር ብቻ ይቀጥላል፤ በ20 የሥራ ቀን ማስታወቂያም ሊወጣ ይችላል። በጀርመን ደግሞ ከመጋቢት 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተገቡ እንደ ስፖርት ቤት አባልነት ያሉ ውሎች፣ የመጀመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ በዝምታ ሲቀጥሉ ደንበኛው በአንድ ወር ማስታወቂያ መውጣት ይችላል። በዚያው ዓመት ከሐምሌ ወር ጀምሮም በኢንተርኔት ውል የሚያዋውል ድርጅት ማቋረጫውን ቁልፍ በዚያው ገጽ ላይ በግልጽ እንዲያኖር ተገድዷል። እነዚህ ሕጎች ነጋዴውን ከገበያ አላስወጡትም፤ ዝምታን እንደ ሸቀጥ መሸጡን ግን አጥብበውበታል።

ከኢትዮጵያ ባለሥልጣንም የሚጠበቀው ከዚህ የራቀ አይደለም። የነጻው ጊዜ ሲያልቅ፣ የመጀመሪያው ብር ከመቆረጡ በፊት፣ ደንበኛው በመረጠው ቋንቋ አዲስ ጥያቄ ይላክለት፤ ካልመለሰ አገልግሎቱ ይቁም እንጂ ክፍያው አይጀምር። ይህን የማያሟላ ደንብ ማኅተም አይሰጠው። ያለ እንዲህ ያለ እሺታ የተቆረጠውም ገንዘብ ደንበኛው ባይከስም ወደ ሂሳቡ ይመለስ፤ መቁረጡን የሚያውቅ መሣሪያ መመለሱንም ያውቃልና።

በርበሬ ነጋዴዋ ሚዛኗን ስታነሣ ገዢው «በቃ» እስኪል ድረስ ትጠብቃለች። ገዢው ዞር ባለበት ጊዜ ሁለት ኪሎ ጨምራ «ዝም ስላልክ ነው» ብትለው ገበያው በሙሉ ይስቅባታል፤ ደንብ አስከባሪም ይጠራባታል። ከእሷ የሚጠየቀው ሐቅ፣ ከእሷ ከሚቆርጡትም ሊጠየቅ ይገባል።