ሃያ ንጥረ ነገሮች በአራት ስንኝ

በሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ ክፍል የመጀመሪያዎቹን ሃያ ንጥረ ነገሮች ለማስታወስ የሚገጠም ግጥም ከስም ዝርዝር የሚሻለው ስንኙ በተገቢው ቦታ ሲቆረጥ ነው። ቦታውም ኖብል ጋዝ የሚባሉት፣ ማለትም የውጨኛው ምህዋራቸው በኤሌክትሮን ስለሞላ ከሌላው ጋር በቀላሉ የማይዋሃዱት ንጥረ ነገሮች ያሉበት ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ በሂሊየም፣ ሁለተኛው በኒዮን፣ ሦስተኛው በአርጎን ካበቃ ለአራተኛው ፖታሲየምና ካልሲየም ብቻ ይቀሩለታል፤ ደስ የሚለውም ሂሊየም ከካልሲየም፣ ኒዮንም ከአርጎን ጋር ያለ ገጣሚው ድካም ቤት መምታታቸው ነው። የስንኞቹ ቃላት ሲቆጠሩ 2፣ 8፣ 8፣ 2 ይሆናሉ፤ ይህም የካልሲየም ኤሌክትሮኖች በአራቱ ምህዋሮች የተደለደሉበት ቁጥር ነው። ክሎሪን የሦስተኛው ስንኝ ሰባተኛ ቃል በመሆኑ ተማሪው ሦስት ምህዋርና በውጨኛው ላይ ሰባት ኤሌክትሮን እንዳለው፣ ስምንት ለመሙላት አንድ እንደሚጎድለው፣ ያንንም በዚያው ስንኝ መግቢያ ላይ ካለው ሶዲየም ሲወስድ የገበታ ጨው እንደሚፈጠር ከቃሉ ቦታ ያነባል። ሃያውን በአንድ ትንፋሽ የሚያዜም ተማሪ ግን ቦሮንን ቢዘል ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የአቶም ቁጥሩ፣ ማለትም የፕሮቶኖቹ ብዛት፣ በአንድ ያንስበታል፤ መሳሳቱንም የሚያውቀው ካልሲየም 19ኛ ሆኖ ሲያገኘው ነው፤ በስንኝ የተማረው ደግሞ ሁለተኛው ስንኝ ሰባት ቃል ብቻ ሲሆንበት ወዲያው ይነቃል። ግጥሙን ከካልሲየም በኋላ ማራዘም አይገባም፤ ከስካንዲየም ጀምሮ አዲሶቹ ኤሌክትሮኖች ወደ ሦስተኛው ምህዋር ስለሚመለሱ የቃሉ ቦታ የውጨኛውን ምህዋር የኤሌክትሮን ብዛት መናገሩን ያቆማል።