የመርካቶ ጉድጓድ በመኪና ምልልስ አይለካ

በመርካቶ አንድ ረድፍ አሮጌ የቆርቆሮ ሱቅ ፈርሶ ለሕንፃ መሠረት ሲቆፈር፣ በበሩ አጠገብ ደብተር ይዞ የሚቀመጥ ሰው ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ገልባጭ መኪና ሞልቶ በወጣ ቁጥር አንድ ጭረት ያሰምራል። ጭረቶቹ ተደምረው በመኪናው የመጫን ዐቅም ይባዙና ውጤቱ «የተቆፈረ አፈር» ተብሎ ለክፍያ ይቀርባል። እኛ ይህ ልማድ ቢቀር እንመርጣለን፤ ደብተሩ የሚቆጥረው ጉድጓዱን ሳይሆን በጉድጓዱ ውስጥ የነበረውንና አሁን የተፈታውን አፈር ነውና።

ምሳሌ እንውሰድ። ስፋቱ 30 በ20 ሜትር፣ ማለትም 600 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ በአማካይ 7 ሜትር ተቆፈረ እንበል። ጉድጓዱ 4,200 ሜትር ኩብ ነው። ይሁን እንጂ ተጠቅጥቆ የኖረ ሸክላማ አፈር በኤክስካቫተር ሲፈታ በየጓሉ መካከል አየር ስለሚገባበት ይነፋል። ንፋቱን 30 በመቶ ብንወስድ፣ በመኪና የሚወጣው 5,460 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን መኪና 341 ምልልስ ያህል ማለት ነው። ውሉ «በመሬት ውስጥ ባለበት ሁኔታ» የሚል ከሆነ፣ በደብተሩ የሚከፍል ባለንብረት 1,260 ሜትር ኩብ ያልተቆፈረ ጉድጓድ ገዛ ማለት ነው። ውሉ ይህን ሳይለይ ዝም ካለ ደግሞ ተቋራጩም ባለንብረቱም የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ይካሰሳሉ።

መፍትሔው ከቁፋሮው በፊትና በኋላ የመሬቱን ገጽ መለካት ነው። ቀያሹ በቶታል ስቴሽን፣ በሌዘር ስካነር ወይም ተደራርበው ከተነሡ ፎቶግራፎች ቦታቸውና ከፍታቸው የታወቀ ብዙ ነጥቦችን ይሰበስባል። ይህ የነጥቦች ደመና ወደ ገጽ ሞዴል ይለወጥና ቦታው፣ ለምሳሌ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆኑ አራት ማዕዘኖች ይከፈላል። በእያንዳንዱ ላይ የኋለኛው ከፍታ ከፊተኛው ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በአራት ማዕዘኑ ስፋት ተባዝቶ ይደመራል፦

V = Σ (z₁ − z₂) × A

እዚህ ላይ z₁ የቀድሞው፣ z₂ የአሁኑ ከፍታ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ችግሩ ያለው z₁ ላይ ነው። ጉድጓዱን ነገም መለካት ይቻላል፤ የቀድሞው መሬት ግን ከተቆፈረ በኋላ የለም። ቦታው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በእኩል ተዳፋት አንድ ሜትር ይወርድ የነበረ ከሆነና ዘግይቶ የተጠራ ቀያሽ ዝቅተኛውን የመንገድ ጠርዝ ይዞ «ሜዳ ነበር» ብሎ ከገመተ፣ በአማካይ ግማሽ ሜትር ይጠፋበታል። ይህም 300 ሜትር ኩብ ነው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሸማ ተራን የመታውን ዓይነት ቃጠሎ ባለፈበት ቦታ ደግሞ መሬቱን ፍርስራሽ ይሸፍነዋል። ፍርስራሹ ሳይነሣ የተወሰደ የመጀመሪያ ልኬት ጡቡንና የተጨማደደውን ቆርቆሮ ሁሉ አፈር አድርጎ ይቆጥራል።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጨነቁት ስለ ነጥቦች ብዛት ነው። ጭንቀቱ ያለ ቦታው ይመስለናል። እያንዳንዱ ነጥብ ወደ ላይም ወደ ታችም 2 ሴንቲሜትር ያህል ቢሳሳት፣ ስሕተቶቹም እርስ በርስ ካልተያያዙ፣ 600 ነጥቦች ሲደመሩ አብዛኛው ይጣፋል፤ የሚቀረው ግማሽ ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ሁለቱ ልኬቶች ከተለያየ መነሻ ከፍታ ተነሥተው ሁሉም ነጥብ በአንድ አቅጣጫ 5 ሴንቲሜትር ቢዛነፍ ግን 30 ሜትር ኩብ ይሳሳታል፤ ነጥቡ ሚሊዮን ቢሆንም አይታረምም። ማወቂያው ቀላል ነው፤ ያልተነካ ነገር፣ ለምሳሌ የጎረቤቱ የሲሚንቶ ወለል ወይም የአስፋልቱ ጠርዝ፣ በሁለቱም ሞዴሎች ውስጥ ይግባ። በዚያ ላይ ልዩነቱ ዜሮ ካልሆነ ሞዴሎቹ አልተገጣጠሙም። ደብተሩንም አንጥለው፤ በመኪና የወጣው ለጉድጓዱ ሲካፈል 1.3 አካባቢ ይጠበቃል። 1.7 ከሆነ ወይ መኪናዎቹ ጎድለው ወጥተዋል፣ ወይ ልኬቱ ተሳስቷል።

ይህ ዘዴ የማያየው አንድ ነገር አለ። የገጽ ሞዴል በአንድ ቦታ ላይ አንድ ከፍታ ብቻ ይይዛል። ግድግዳው ከሥር ወደ ጎረቤት ሱቅ መሠረት ተሸርሽሮ ከገባ፣ ሞዴሉ የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ይዞ ክፍተቱን ይዘለዋል። መርካቶ ደግሞ ሱቅ ከሱቅ ግድግዳ የሚዋሰንበት ሰፈር ነው። ስለዚህ ስካነሩ ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ከታች ሆኖ ግድግዳውን ይይ፤ የነጥቦቹም ደመና ወደ ገጽ ሞዴል ከመለወጡ በፊት በጎን ተቆርጦ ይታይ። እዚያ የሚገኘው ሁለት ሦስት ሜትር ኩብ ለክፍያው ኢምንት ነው፤ ከላይ ዕቃውን ደርድሮ ለሚነግደው ሰው ግን መደገፊያ ሳይቆም ቁፋሮው እንዳይቀጥል የሚያስገድድ ቁጥር ነው።