ኦዲተሩ ሌባ አይደለም፤ ችግራችንም ሌብነት አይደለም

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነውና ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

አባል የሆንኩበት የቁጠባና ብድር ማህበር አለ። በስም አልጠራውም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንድ ባልደረባዬ እጁን አወጣና "ዕዳዬ በየወሩ እየቀነሰ ወለዴ ለምንድን ነው የማይቀንሰው?" ብሎ ጠየቀ። ከመድረክ የተሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ "ሂሳቡ ኦዲት ተደርጓል፣ ትክክል ነው ተብሏል።" ቤቱም አጨበጨበ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ታለፈ።

እኔ ግን የሂሳብ መምህር ነኝና ቤት ገብቼ ወረቀት አወጣሁ። ሰውዬው የተበደረው 48,000 ብር ነው፣ የሚከፍለው በ24 ወር። መተዳደሪያ ደንባችን ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ሆኖ "በቀሪው ዕዳ ላይ" ይታሰባል ይላል። ዋናው ብድር በወር 2,000 ብር ይቀንሳል። ስለዚህ ወለዱ በመጀመሪያው ወር 480፣ በሁለተኛው 460፣ እያለ እያለ በመጨረሻው ወር 20 ብር መሆን አለበት። ሲደመር 6,000 ብር ነው። እሱ ግን በየወሩ 480 ሲከፍል ነው የኖረው። 480 በ24 ሲባዛ 11,520። ትርፍ የተወሰደበት 5,520 ብር!

እንግዲህ ኦዲተሩ ይህን እንዴት አላየውም? ሰረቀ ወይ? አልሰረቀም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የማህበሩ ሂሳብ ሠራተኛ ስትለቅ፣ ከሚቆጣጠረን ጽሕፈት ቤት አንድ ባለሙያ መጥቶ ረዳን። ትጉህና ትሁት ልጅ ነው። የብድሩን ኤክሴል የሠራልን እሱ ነው፤ አዲሷን ሠራተኛ ያሠለጠናትም እሱ ነው። ወለዱን በመጀመሪያው ብድር ላይ እንዲያሰላ ያደረገው በቅንነት ተሳስቶ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ኦዲተር ሆኖ የመጣውም እሱው ነው። ደረሰኙን አየ፣ 480። ኤክሴሉን አየ፣ 480። ተስማማ። ፈረመ።

ተማሪዎቼ፣ የፈተና ወረቀታችሁን ለራሳችሁ አሳርሜ አላውቅም አይደል? ሌቦች ናችሁ ብዬ አይደለም። ምልክት የሳተ ልጅ ሲያርምም በዚያው ሐሳብ ስለሚያርም ስህተቱን ራይት ይሰጠዋል። ኦዲት ላይ "የራስን ሥራ መልሶ መመርመር" የሚባለው አደጋ ይኸው ነው። ደንቡን አንብቦ ከዜሮ የሚያሰላ ሌላ ሰው ቢመጣ ኖሮ በግማሽ ሰዓት ያገኘው ነበር።

ይህ የአንድ ልጅ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። የህብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ ቁጥር 147/1991 አግባብ ያለው ባለሥልጣን የማህበራትን ሂሳብ ቢያንስ በዓመት አንዴ ኦዲት ያደርጋል ወይም ያስደርጋል ብሎ ነበር የተነሳው። ይኸው መሥሪያ ቤት ግን ማህበር ያደራጃል፣ ያሠለጥናል፣ ሂሳብ እንዲይዙ ያግዛል። ማህበሩ ከወደቀ የራሱ ሪፖርት ነው የሚበላሸው። ያደራጀውን መልሶ "ደካማ ነው" ብሎ መጻፍ ለማንም ይከብዳል።

ሁለተኛው አደጋ መላመድ ነው። እኛ ጌዴኦ ውስጥ ማን ማንን የማያውቅ አለ? ኦዲተራችን አራት ዓመት ተመላልሷል። ለቅሶ አብረን ደርሰናል፣ ሠርግ ጠርቶን ሄደናል። ይህ ነውር አይደለም፣ ኑሯችን ነው። ግን ውጤቱን እዩት፦ ካዝና ሊቆጥር ሲመጣ በዋዜማው ይደውላል። በድንገት መቆጠር ያለበት ካዝና ሌሊቱን ሙሉ ጊዜ ያገኛል ማለት ነው። የባንክ ማረጋገጫውን ከባንኩ በቀጥታ መቀበል ሲገባው ገንዘብ ያዧ ኮፒ አድርጋ ታመጣለታለች። የአባላትን የቁጠባ ደብተር ከሌጀሩ ጋር ለማመሳከር ናሙናውን ራሱ መምረጥ ሲገባው "እነዚህን እይ" ተብሎ ይሰጠዋል። ማንም አላታለለም፤ ስለሚተማመኑ ብቻ አልጠየቀም። የኦዲት ሥራው ግን መጠየቁ ነበር።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። "የግል ኦዲተር እንቅጠር" የሚሉ አሉ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው። ግን ማነው የሚመርጠው? ማነው የሚከፍለው? ሥራ አመራር ኮሚቴው ከሆነ፣ ተመርማሪው መርማሪውን ቀጠረ ማለት ነው። የኦዲት ቢሮው በዓመት 1 ሚሊዮን ብር ቢያገኝና 300,000ው ከአንድ ደንበኛ ቢሆን፣ ያንን ደንበኛ ለማስቀየም ስንት ጊዜ ያስባል? ዓለም አቀፉ የሂሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ ለዚህ ወሰን አለው፦ የሕዝብ ጥቅም ካለበት ከአንድ ደንበኛ የሚገኘው ክፍያ ለ2 ተከታታይ ዓመት ከቢሮው ገቢ 15 በመቶ ካለፈ፣ የሁለተኛው ዓመት አስተያየት ከመውጣቱ በፊት ሥራውን ሌላ የውጭ ባለሙያ ቢያየው አደጋው ይቀንስ እንደሆነ ቢሮው እንዲወስን፣ የሚቀንስ ከሆነም እንዲያሳየው ያዛል።

ሦስቱም አንድ ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን አሜሪካ ታይቷል። አርተር አንደርሰን የተባለው ኦዲተር እ.ኤ.አ. በ2000 ከኤንሮን ኩባንያ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ለኦዲት፣ ወደ 27 ሚሊዮን ዶላር ደግሞ ለምክርና ለሌላ ሥራ ተቀብሏል። የኩባንያውን የውስጥ ኦዲት ሥራም ይዞ ነበር፤ ከኤንሮን ሂሳብ ሠራተኞች ብዙዎቹም የእሱ የቀድሞ ሠራተኞች ነበሩ። ኤንሮን በ2001 መጨረሻ ከሰረ፣ አንደርሰንም ብዙ ሳይቆይ ተከትሎት ወደቀ።

"አንተ መምህር፣ ወረዳው ውስጥ ኦዲተር ሁለት ሰው ነው፣ እሱንም ከከለከልክ ማን ይሠራል?" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው። ኦዲት ሲዘገይ የተጣራ ትርፍ አይታወቅም፤ ትርፉ ካልታወቀ ቡናውን ለማህበሩ ያስረከበ ገበሬ የትርፍ ድርሻውን አያገኝም። የዘገየ ኦዲትም ጉዳት ነው። ስለዚህ ሰው ጨምሩ አልልም፣ ያለውን አዘዋውሩት ነው የምለው። የወናጎው ኦዲተር ወደ ቡሌ፣ የቡሌው ወደ ኮቸሬ፣ የኮቸሬው ወደ ወናጎ ይሂድ። መዝገብ ያስተካከለ ባለሙያ የዚያን ማህበር ኦዲት ቢያንስ ለአንድ ዓመት አይንካ። አበሉን መሥሪያ ቤቱ ይክፈል፤ ምሳውን እንኳ ማህበሩ አይጋብዝ። የግል ኦዲተር ሲሆን ደግሞ የሚመርጠውና ክፍያውን የሚወስነው ጠቅላላ ጉባኤው ይሁን። ማዘዋወር የትራንስፖርት ወጪ እንዳለው አይጠፋኝም። ግን 5,520 ብር የአንድ ሰው ብቻ ነው፤ በተበዳሪው ቁጥር አባዙት።

እስከዚያው እያንዳንዳችሁ በሚቀጥለው ጉባኤ ላይ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ ኦዲተሩ ባለፈው ዓመት ለማህበሩ ሌላ ሥራ ሠርቷል ወይ? ስንተኛ ዓመቱ ነው? የከፈለው ማነው? መልሱ ካላማራችሁ "ኦዲት ተደርጓል" በሚል ቃል አታጨብጭቡ።

ለዚያ ልጅ ስሌቱን ራሴ አሳየሁት። ወረቀቱን ትንሽ አየና "ጋሼ፣ እኔው ነኝ የሠራሁት፣ እንዴት ሊታየኝ ይችላል?" አለኝ። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እኔም የለኝም። የባልደረባዬ 5,520 ብር ጉዳይ ግን እስካሁን በኮሚቴው እጅ ነው። የእናንተ ማህበር ጋር እንዴት ነው? እስኪ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።